ሁሪያ ያላለችው ቃል

መርካቶ ውስጥ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የፈለገ ሰው ወደ ይመር ይላክ ነበር። ይመር በአንድ የወረቀት መሸጫ ሱቅ በረንዳ ላይ የጽሕፈት መኪናውን አስቀምጦ ማመልከቻ ይተረጉማል። ጣቱ ፈጣን ነው፣ እንግሊዝኛውም ሸጋ፤ ይህንንም ራሱ አሳምሮ ያውቃል።

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሁሪያ መጣች። አምስት ዓመት ኤደን ኖራ፣ ሸማ ተራ ያለችውን እህቷን ለመጠየቅ የተመለሰች ሴት ናት። ኩዌት ያለ አንድ ሆስፒታል ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰምታ፣ ማመልከቻዋንና የሕይወት ታሪኳን በአማርኛ ጽፋ ይዛለች። ዐረብኛ እንደ ውኃ ትናገራለች፤ እንግሊዝኛ ግን አታነብም።

«ጋሼ ይመር፣ ያለኝን ብቻ ይጻፉልኝ» አለችው። «ድሬሰር ነኝ። ቁስል አጥባለሁ፣ ፋሻ እቀይራለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ።»

«ድሬሰር» የሚለው ቃል አነሰበት። ይህች ጨዋ ልጅ በአንድ ቃል ለምን ትቅር ብሎ፣ በሁለቱም ወረቀት ላይ «ነርስ» ብሎ መታው። ነርስ ተምራ፣ ተፈትና፣ ዲፕሎማ ይዛ የምትወጣ መሆኗን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሲያነብላት ደግሞ ዓይኑ «ነርስ» እያየ አፉ «ድሬሰር» አለ። እሷም ፈረመች። የምስክር ወረቀቷ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የታተመ ነበርና፣ ቅጂውን አያይዛ ላከችው።

መልሱ ሐምሌ ላይ ደረሰ። ፖስታውን ይዛ መጥታ «ያንብቡልኝ» አለችው።

ደብዳቤው አጭር ነው፦ ማመልከቻሽ ነርስ ይላል፣ የምስክር ወረቀትሽ ድሬሰር፤ እውነቱን ያልጻፈ ሰው አንቀጥርም።

«ምን ይላል?»

«ቦታው ተይዟል።»

«አላህ ሳይለው ቀርቶ ነው። እርስዎ ግን ደክመውልኛል፤ ይስጥልኝ» ብላ ሄደች።

ምነው በሰደበችኝ አለ ይመር በሆዱ። ከሰዓት በኋላ አንዲት የቤት ኪራይ ውል ሦስት ጊዜ አበላሸ። በመጨረሻ መኪናውን ከድኖ ወደ ሸማ ተራ ወረደ። ሁሪያን ወደ ኤደን ለመመለስ ልብሷን እያጣጠፈች አገኛት፤ ቆሞ ሁሉንም ነገራት።

ሁሪያ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች።

«ቁስል ማጠቤ ያሳፍራል አልኩዎ?»

«አላልሽም።»

«ታዲያ ማን አሳፈረኝ? እነዚያ ሰዎች እኮ ስሜን በውሸታም መዝገብ ይዘውታል!»

 ይመር በማግስቱ ጥፋቱ የተርጓሚው መሆኑን ለሆስፒታሉ በደብዳቤ ገልጦ፣ ስሙንና አድራሻውን ጽፎ ፈረመ። ሁሪያ ግን ሳታጣራ አላለፈችም፤ ጀማለዲን የሚባል ሌላ ጸሐፊ ዘንድ ወስዳ እያንዳንዱን ቃል አስነበበችው፤ ደብዳቤውን የላከችው ከዚያ በኋላ ነው።

መስከረም ላይ ለይመር ሁለት መስመር መጣለት። ሆስፒታሉ ማስተካከያውን ተቀብሏል፤ ቦታው ግን በሌላ ሰው ተሞልቷል። ሐምሌ ላይ በውሸት «ተይዟል» ያላት ቦታ አሁን በእውነት ተይዟል። ይመር በአማርኛ ገልብጦ ወደ ኤደን ላከላት። መልስ አልጻፈችለትም።

ከዓመት በኋላ እህቷን መንገድ ላይ አግኝቶ ጠየቃት። ሁሪያ ጅዳ አንድ ክሊኒክ ገብታለች፣ ድሬሰር ሆና። ማመልከቻውን ማን እንደጻፈላት ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ተወው።