የእህቷ ጉድጓድ

ጡረታ የወጣችው ልብስ ሰፊ ለምታሠራው አዲስ ቤት ችካል እየቸከለች ገመድ ትወጥራለች። በረንዳዋን የምትፈልገው በመንገዱ በኩል ነው፤ ጎረቤቷ የሆነችው የታላቅ እህቷ በረንዳ ዕለት ዕለት ዓይኗን ይወጋዋል።

ግንበኛው ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ ሰፈሩ የፍሳሽ መስመር የለውም። ፍሳሹን ወደ መሬት የሚያሰርገው ማስረጊያ ጉድጓድ ደግሞ በጓሮ በኩል ካለው ከእህትዎ የውሃ ጉድጓድ ሠላሳ ሜትር ይራቅ። ስለዚህ ሴፕቲክ ታንኩም ማስረጊያውም ወደ መንገዱ ይመጣሉ፤ መታጠቢያ ቤቱም ይከተላቸዋል። በረንዳው ጓሮ ይግባ።»

«እሷ መንገድ፣ እኔ አጥር ልይ?»

«እሳቸው ቧንቧ አላቸው። የውሃ ጉድጓዱን በደንብ ካስደፈኑልዎ ግን በረንዳው ወደ መንገዱ ይዞራል። ሄደው ይጠይቋቸው።»

ሄደች። እህቷ በረንዳዋ ላይ እግሯን ዘርግታለች።

«ምን ቆመሽ ቀረሽ? ነይ እንጂ!»

«ሰላም ልልሽ ነው» አለችና ተመለሰች።

የበረንዳውን ችካሎች ነቅላ ወደ ጓሮ ወሰደች። የጉድጓዱን ነገር ሳትጠይቅ ቀረች።