አንድ ሰዓት የዘገየው ወጥ

በደርግ ጊዜ ወረታ ውስጥ ሆቴል አስተናጋጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የመለመሉ ባለሥልጣናት ንግግር የሚደረግበት የዶሮ ወጥ እራት አዘዙ። ከምልምሎቹ አንዱ የወጥ ሠሪያችን ልጅ ነበር። ምልምሎቹን የጫነው መኪና ሊነሣ መሆኑን ስትሰማ፣ ዶሮው ገና ሳይገባ ቁሌቱን ከእሳት አወረደችና ለልጇ ጋቢ ይዛ ወደ ባሕር ዳር መውጫ ሮጠች። ድስቱን ከእሷ በቀር የሚነካው አልነበረም።

እንግዶቹ ተቀምጠዋል። እውነቱን ብናገር እሷንም ያስሯታል።

«ጓዶች፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ወጡ አንድ ሰዓት ያህል ይዘገያል። እስከዚያ ጥብስና ጠላ እናቀርባለን። ንግግሩ ይቅደምና እራቱ ከዚያ በኋላ ይቀርባል» አልኩ።

«ዶሮውም ከምልመላ ሸሸ እንዴ?» አለ ሰብሳቢያቸው። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ንግግሩ ሳያልቅ ተመለሰች። ጋቢው ክንዷ ላይ ነበር።

«አልደረሱበትም፣ እትዬ?»

«የመኪናውን አቧራ ብቻ አየሁ። ምን ያህል ይቆያል አልሃቸው?»

«አንድ ሰዓት።»

«ይበቃል» አለችና ጋቢውን አጥፋ ካስቀመጠች በኋላ ድስቱን መልሳ ጣደች።