ላኪ በሚለው መስመር ላይ

የልጅ ልጄ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ፊደል ያስቆጠረችኝ ደግሞ እሷ ናት። ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ አሮጌ ደብተሯን ዘርግታ፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ጣትሽን ቀለም አታስነኪ» ብላ ስሜን አስጻፈችኝ።

ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ እንድትማር ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኘች ጊዜ ቤታችን በደስታ ጠበበን። አንድ ነገር ብቻ ጎደላት። የትምህርት ማስረጃ የሚገመግም ድርጅት ዲግሪዋን መርምሮ፣ ውጤቱን እስከ ሰኔ መጨረሻ ለትምህርት ቤቱ መላክ አለበት። ድርጅቱ ትራንስክሪፕቱን ከእሷ እጅ አይቀበልም። የተመረቀችበት ዩኒቨርሲቲ ራሱ አሽጎ፣ ራሱ መላክ አለበት።

ለሬጅስትራር አሥራ አንድ ኢሜይል ጻፈች፤ አንዱም መልስ አላገኘም። የምትሠራው ሩቅ ከተማ ባለ ሆስፒታል ነው፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዋን ስለሆነች ፈቃድ አይሰጧትም። ስለዚህ የውክልና ደብዳቤዋን፣ የፋይል ቁጥሯ ያለበትን የድርጅቱን ፎርምና የመላኪያውን አድራሻ አስይዛ እኔን ላከችኝ።

የሬጅስትራር ቢሮው ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለችውን ጸሐፊ ተማሪዎቹ «እመት ነገ» ይሏታል።

«እናቴ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ይምጡ።»

«ነገ አይሰበሰቡም?»

«እሱን ነገ እናየዋለን።»

አንድ ቀን ሲስተም የለም፣ አንድ ቀን ማህተም የያዘችው ሴት የለችም። ከቤት ትራስ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። የበሩ ዘበኛ፣ «እማማ፣ ዘንድሮ ከእነዚህ ልጆች ጋር ሳይመረቁ አይቀሩም!» እያለ ያስቀኛል። በዘጠነኛው ጉዞዬ ተፈረመ። ትራንስክሪፕቱና ፎርሙ ፖስታ ውስጥ ገቡ፤ የፖስታው ክዳን ላይ ማህተም አረፈበት።

«የእኛ ፖስታ እስኪወጣ ወር ይፈጃል» አለችኝ እመት ነገ። «ከቸኮሉ ራስዎ ይላኩት። ማህተሙ አይነካ እንጂ ያው ነው።»

ለልጄ ደወልኩ። ሥራ ላይ ስልኳን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የምትቆልፈው፤ አላነሳችም። ሰኔ ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። ፖስታውን እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቅፌ ፈጣን መልእክት ቤት ሄድኩ።

እዚያ የምትሠራው ልጅ አድራሻውን ገለበጠችና፣ «ላኪ የሚለውን እኔ ልሙላልዎት?» አለችኝ።

«እጄ አልተሰበረም» አልኳት።

ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ መስመሩን ሳልስት ጻፍኩ። እሷም ከሥሩ በውጭ ፊደል ደገመችው። «እማማ፣ ጽሑፍዎ እንዴት ያምራል!» ስትለኝ መንገዱን ሁሉ ፈገግ እያልኩ ተመለስኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የድርጅቱ መልስ መጣ። ልጄ ቅዳሜ ቤት መጥታ ከስልኳ አነበበችልኝ። ፖስታው ከተቋሙ በቀጥታ የተላከ አይደለም፤ ላኪው ግለሰብ ነው፤ ተቋሙ እንደገና ይላክ ይላል።

«ግለሰቡ ማነው?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «አንቺ ነሽ፣ እማዬ።»

ሰኞ ማልጄ ሦስተኛው መስኮት ላይ ቆምኩ። ፈራሚው የዓመት ፈቃድ ወጥተዋል፤ በእሳቸው ምትክ የሚፈርም የለም።

«ያው ነው ብለሽኝ አልነበረም?» አልኳት።

«ማህተሙ አይነካ ነው ያልኩት፤ ስምዎን ይጻፉ አላልኩም» አለችኝ። ዞር ብላም ተከታዩን ጠራች።

ልጄ ትምህርት ቤቱን ቀን እንዲያራዝምላት ለመነች። በትህትና መለሱላት፤ ቦታው ለተከታዩ አመልካች ተሰጥቷል።

ፈራሚው በሐምሌ አጋማሽ ተመለሱ። ያኔ የፈጣን መልእክት ቤቱ ሠራተኛ ራሱ ሬጅስትራር ድረስ መጣ፤ ላኪ ላይ የዩኒቨርሲቲው ስም ተጻፈ፤ ፖስታው ከመስኮቱ ወደ እጁ ተሻገረ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እኔም ትራሴ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ድርጅቱ ዲግሪዋን ሙሉ ብሎ አጸደቀው። ልጄ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አንብባ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ወደዚያው በርጩማዋ፣ ወደዚያው ማይክሮስኮፕ ተመለሰች። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ወር ባንክ ይዛኝ ሄደች። ሠራተኛው ወረቀት ዘርግቶ፣ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ።

«ልጄ፣ የጣት ቀለም አለህ?» አልኩት።

እሷ ብዕሩን አንስታ እጄ ላይ አስያዘችኝ። «ጻፊ፣ እማዬ» አለች፣ ለበሽተኛ ውጤት በምትናገርበት ድምፅ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

የራሴን ስም ጻፍኩ። የአባቴ ስም ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤ ብዕሩን መለስኩላት።