ስድሳ ገጽና አምስት ቦኖ

አቶ በላቸው ለረጅም ጽሑፍ ያላቸው ፍቅር በደጋው ሁሉ የታወቀ ነው። የአንድ ወረዳ የውኃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ለእሳቸው ቀጭን ዕቅድ ማለት ሰርግ ጠርቶ ቆሎ ማቅረብ ነው። ያዘጋጁት የቧንቧ ውኃ ዕቅድ ስድሳ ገጽ ሞልቶ ጎንደር ወደሚገኝ ገንዘብ ሰጪ ድርጅት በሄደ በሳምንቱ ተመለሰ። ሽፋኑ ላይ የድርጅቱ ኃላፊ ወይዘሮ አልማዝ በእስክሪብቶ ጽፈውበታል፦ «ጊዜ የለኝም። በአንድ ገጽ፣ በአንድ ቁጥር፤ እስከ ዓርብ።»

«ምነው? ሴትዮዋ ማንበብ አይወዱም?» አሉ በላቸው ቅር ብሏቸው። ሥራውንም ለዕቅድ ባለሙያዋ ለሸዋረግ ወረወሩት።

ሸዋረግ በሆዷ እልል አለች። ውኃው የሚገባው እህቷ እናኑ ባገባችበት ቀበሌ ነው፤ እናኑ ባለፈው ክረምት ጀሪካን አዝላ ገደሉን ስትወጣ ወድቃ እስከ ዛሬ ታነክሳለች። ዓርብ ካለፈ ገንዘቡ ለሌላ ወረዳ ይሄዳል።

መጀመሪያ የተቆረጡት ስለ ውኃ ጥቅም የሚያትቱት ገጾች ናቸው፤ ውኃ እንደሚጠጣ ወይዘሮ አልማዝ ያውቃሉ። ቀጥሎ የሰሊጥ ምርት እድገት ወጣ። በዚህ ውርጭ አገር ሰሊጥ ከየት መጣ? ቆላው ሳንጃ ከተዘጋጀ ዕቅድ ላይ ሲገለበጥ አብሮ ተሳፍሮ ነው። «ታሪካዊና አንጸባራቂ» የሚለው «አስፈላጊ» ሆነ፤ በኋላ እሱም ቀረ። መጨረሻው ገጽ ላይ ተቀብሮ የነበረው ጥያቄ አናቱ ላይ ተቀመጠ፦ ምን፣ ለማን፣ በስንት፣ እስከ መቼ።

ቁጥሩ ግን አስቸገራት። መግቢያው 1,930 አባወራ ይላል፤ ሠንጠረዡ 386፤ በጀቱ ደግሞ 512። ለቀበሌው ደወለች። የመጀመሪያው ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ የተቆጠረበት የነዋሪ ቁጥር ነው፤ የመጨረሻው ቧንቧ ያለውን ጎረቤት ጎጥ ጨምሯል። ትክክለኛው 386 ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዕቅዱ የጠየቀው ሰባት ቦኖ፣ ሕዝቡ በጋራ የሚቀዳበት የቧንቧ ውኃ፣ አምስት ሆነ፤ ገንዘቡም አብሮ ወረደ።

«አዋረድሽኝ!» አሉ በላቸው። «ሺህ የሌለበት ዕቅድ ምኑን ዕቅድ ሆነ?»

«አያ በላቸው፣ ወይዘሮ አልማዝ ሦስት ዓይነት ቁጥር ካዩ አንዱንም አያምኑም።»

ዓርብ ሁለቱም ጎንደር ፒያሳ ካለው የድርጅቱ ቢሮ ገቡ። ወረቀቱ አጥሯል፤ ሰውየው ግን እንዳሉ ናቸው። በላቸው ንግግራቸውን ከዓለም ፍጥረት ጀመሩ። ወይዘሮ አልማዝ ሰዓታቸውን አዩ። ሸዋረግ በጠረጴዛው ሥር የአለቃዋን እግር ረገጠች።

«ስንት አባወራ ነው?» ሲሉ አልማዝ ጠየቁ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በላቸው «ሺህ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ወደ እግራቸው አየት አደረጉና መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ፊታቸውን አጨማደው «ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት» አሉ።

አልማዝ ወረቀቱን አዩት፤ ቁጥሩ ያው ነው። ፈረሙ።

ደረጃውን ሲወርዱ ሸዋረግ ደስታው እንባ ሆኖ መጣባት። በላቸው በር ላይ ቆም አሉ።

«ሸጋ ነው» አሉ በቁጭት። «ግን ስድሳውን ገጽ ቢያነቡት ኖሮ ሰባቱንም ቦኖ ይፈቅዱልን ነበር።»