የእማማ ውቢት ሰዓት

እማማ ውቢት ሆሳዕና ገበያ ውስጥ ቆጮ በመሸጥ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ምላሳቸውን የማይፈራ ደላላ የለም። ዕድሜያቸው ሰባ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ሰው ሲመክራቸው ደግሞ ያንገሸግሻቸዋል።

ሰዓቱን የላከላቸው ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የከፈተው ልጃቸው ቲቶ ነው። ከሥሩ አረንጓዴ መብራት እያበራ የደም ሥር ምት ይለካል፤ የለካውንም ወደ ሴት ልጃቸው ወደ ቤቴል ስልክ ይልካል። አንድ ቀን ስልኩ «የልብ ምትዎ ሥርዓት የጎደለው ይመስላል» የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ደጋገመው።

የሟች ባላቸው ታላቅ ወንድም አቶ ተገኘ ሳቁ። «የቻይና ሰዓት አምነሽ ሐኪም ቤት ልትሄጂ ነው? ጸልዪና ተኚ!»

«ጸሎቱንም እጸልያለሁ፣ ሐኪሙም ጋ እሄዳለሁ» አሉ እማማ ውቢት። ታላቅ እህታቸው አዜብ በስትሮክ ግማሽ አካሏ ሰንፎ አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች። የምትጎርሰው እንኳ በሰው እጅ ነው። እማማ ውቢት ሞትን አይፈሩም፤ እንደ አዜብ መሆንን ግን ይፈራሉ፣ ፍርሃታቸውንም አይደብቁም።

ክሊኒክ ሲሄዱ ዶክተር ነህምያ የቤቴልን ስልክ ተቀብሎ በጥሞና አየው። ከማስጠንቀቂያዎቹ ብዙዎቹ ጠዋት ላይ ተከምረዋል።

«እማማ፣ ጠዋት ምን ይሠራሉ?»

«እንሰት እፍቃለሁ።»

«በሉ የጠዋቶቹን እንጣላቸው። እጅ እንዲህ ሲንቀሳቀስ ሰዓቱ ይሳሳታል፤ የለካው የእጅዎን እንቅስቃሴ እንጂ የልብዎን ምት ላይሆን ይችላል።»

እማማ ውቢት ተቆጡ። «ቸርች ቁጭ ብዬ ቃል ስሰማስ? እዚያም ነው እንዴ የምፍቀው?»

ሐኪሙ ፈገግ አለና ስልኩን እንደገና ገለጠ። እውነትም ከማስጠንቀቂያዎቹ ሁለቱ የወጡት ቁጭ ባሉበት ሰዓት ነበር። «እነዚህን አልጥላቸውም» አለ። «ወጣት ቢሆኑና አንዴ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። በእርስዎ ዕድሜ፣ ግፊት እያለ፣ በዕረፍት ሰዓት ከተደጋገመ ግን የልብ ምርመራ ኢሲጂ ይገባል።» አንጓቸውን ይዞ ምቱን ቆጠረ፣ ከዚያ ደረታቸው ላይ ገመዶቹን አጣብቆ ኢሲጂውን አነሣ። ወረቀቱ ጤነኛ ሆኖ ወጣ።

«ነጻ ነኝ ማለት ነው?»

«አሁን ነጻ ነዎት። ይሄ ችግር ግን መጥቶ የሚሄድ ዓይነት ነው፤ ሲሄድ ምንም አይታይም። ቀን ከሌት የሚመዘግበው መሣሪያ እኛ ጋ የለም። ስለዚህ ሲመጣ ወዲያው ይምጡ። ቆይቼ፣ ነገ አይበሉ።»

አቶ ተገኘ ይህን ሲሰሙ ሌላ ሳቅ ሳቁ፤ እማማ ውቢት ግን ሰዓቱን ጠበቅ አድርገው አሰሩ።

ያ «ሲመጣ» የመጣው ለቤቴል ሽማግሌ በተቀመጠበት ቀን ነው። ሳሎኑ ሞልቷል፤ ከዶዮገና የመጡት ሽማግሌዎች ጸሎት አድርሰው ገና ጉዳያቸውን ሊያነሡ ነው። እማማ ውቢት ደረታቸው ውስጥ ልባቸው ሲንጫጫ ተሰማቸው። ሰዓቱ እጃቸው ላይ ነዘረ። ጎንበስ ብለው አዩት፣ ተነሡም።

አቶ ተገኘ ፊታቸው ጠቆረ። «አንቺ ሴት፣ ሽማግሌ አስቀምጠሽ ወዴት? አታዋርጂን!»

«ልቤ ሽማግሌ መርቆ እስኪነሣ አይጠብቀኝም» አሉና ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ። እንግዶቹ ተያዩ፤ ቤቴል ተከትላ ሮጠች። ይሉኝታ ስንቱን እናት ቁጭ ባለችበት እንዳስቀራት እኛ የሆሳዕና ሰዎች እናውቃለን፤ ዝም እንላለን እንጂ።

የተሳፈሩበት ባጃጅ ክሊኒኩ በር ሲደርስ ምቱ ገና አልተስተካከለም። ዶክተር ነህምያ ፈጥኖ ኢሲጂውን አነሣ። በምቶቹ መካከል ያለው ርቀት አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ ሥርዓት የሌለው ነበር፤ ከእያንዳንዱ ምት በፊት መታየት ያለባት ትንሽ ሞገድም የለችም።

«ያዝነው!» አለ ሐኪሙ። «የልብዎ የላይኛው ክፍል በደንብ መጨመቅ ትቶ እየተርገበገበ ነው። ደም እዚያ ከቆየ ይረጋል፣ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። መርጋቱን የሚከላከል መድኃኒት እንጀምራለን፤ ምቱንም እናረጋጋለን።»

«እንደ አዜብ እንዳልሆን ነው?»

«አዎ፣ ዕድሉን በጣም ይቀንሰዋል።»

እማማ ውቢት ያን ጊዜ አለቀሱ። ከዚያ ለምርመራ ደም ሰጡ፣ መድኃኒቱን ዋጡ፣ ምታቸው ረገብ እስኪል ተኙ፤ ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሽማግሌዎቹ አልሄዱም ነበር። አቶ ተገኘ ተነሥተው ይቅርታ እየጠየቁላቸው ሳለ እማማ ውቢት በእጃቸው አስቆሟቸው።

«ስለ እኔ ይቅርታ አትጠይቅ፤ ያጠፋሁት የለም» አሉና ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «በሉ አባቶቼ፣ አሁን ጠይቁ። ሠርጓ ላይ የምትጨፍር እናት አለቻት።»