ከጥያቄው በኋላ ያለው ዝምታ

መምህር መልካሙ ዝምታን ይፈራል። ባለቤቱ ዓለምዬ ካረፈች፣ አንዲት ልጁም ወደ እስቴ ተድራ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ከሥራ ሲመለስ «እንዴት ዋላችሁ» ማለት አፉ ላይ ይመጣና መልሶ ይውጠዋል። የሰው ድምፅ የሚጠግበው ከአርብ ገበያ ከተማ ወጣ ብላ ካለችው ትምህርት ቤት፣ ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ነው።

ሳይንስ ያስተምራል። ሲጠይቅ ቃሉን ግማሽ ብሎ ግማሹን ለልጆቹ ይተዋል።

«ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ሲወስድ የአፈር መሸር…»

«ሸር!» ይላል ክፍሉ ባንድ አፍ።

«ገባችሁ?»

«ገብቶናል!» የቆርቆሮ ጣሪያው ያስተጋባል፤ የመልካሙም ልብ ይሞቃል።

አንድ ቀን ወጣቱ የሒሳብ መምህር ጸጋዬ ትምህርቱን ሊመለከት ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። መምህራኑ በየተራ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ የማየት ልማድ አላቸው። ሲወጡ ጸጋዬ ሳቅ አለ።

«ጋሼ፣ ክፍልዎ ቅዳሴ ይመስላል። እርስዎ ይላሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል።»

«ምነው፣ ቅዳሴ ነውር ሆነ እንዴ?»

«ቤተ ክርስቲያንማ ሥርዓቱ ነው። እዚህ ግን ማን እንደገባው በምን ያውቃሉ? ሁለቱ ይጮሃሉ፣ የቀረው ጩኸታቸውን ይከተላል። የጠየቁት ሁሉ መልሱ ደብተር ላይ ያለ ነው፤ ከማስታወስ በቀር ምንም አይጠይቅም። ለማሰብም ፋታ አልሰጧቸውም።»

«ፋታ ብሰጥ መጽሐፉ መቼ ያልቃል? ፈተናውስ ይህንኑ አይደል የሚጠይቀው?»

«እሱስ እውነት ነው፤ እኔም ከዚሁ አልወጣሁም። ግን የመምህራን ሥልጠናው ላይ የሰማነውን ይሞክሩት። ከጠየቁ በኋላ ሦስት አራት ሰከንድ ዝም ይበሉ። ልጁ ሲመልስም ‘ጎበዝ’ ለማለት አይቸኩሉ፤ እንደገና ዝም ይበሉ።»

በማግስቱ መልካሙ ሞከረ። «የአፈር መሸርሸር ምንድን ነው?» አለና ሰከንዱን በሰዓት ከመቁጠር ይልቅ በልቡ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመረ፤ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ አድርጎ። ትርጉሙን የሸመደዱት ወዲያው እጃቸውን አወጡ። ያልሸመደዱት አቀረቀሩ። ጸሎቱን ደገመው፤ እነሱም እንዳቀረቀሩ ቀሩ።

«መምህር ራሳቸው ረስተውት ይሆን?» አለ ፈንታ የሚባለው ተማሪ ለጎረቤቱ፣ ሁሉም እየሰማው። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

መልካሙ ደንግጦ ወደ ግማሽ ቃሉ ተመለሰ። ወደ ቤቱ ሲያዘግም ሆድ ባሰው። ድምፅ የምሰማባት አንዲት ቦታ ነበረችኝ፤ እሷም ልትዘጋብኝ ነው፣ አለ ለራሱ። ዳገቱን ሲወርድ ግን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት የገብስ ማሳዎች አየና ቆመ። ሁለቱም እርከን ተሠርቶላቸዋል፤ የአንደኛውን ግን ክረምት ላይ ጎርፍ ሰብሮት አፈሩን ጠርጎታል። ያን ጊዜ ስህተቱ ተገለጠለት። የተረሳ ቃል ቢጠብቁት አይመጣም። መጠበቅ የሚጠቅመው የሚታሰብበት ነገር ሲሰጡ ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ልጆቹም በሚያልፉበት መንገድ ስላሉት ስለ ሁለቱ ማሳዎች ነገራቸውና «አንደኛው እርከን ለምን ተሰበረ? ሌላው ለምን ቆመ?» ብሎ ጠየቀ። ዝም አለ። በልቡ ጸለየ። ልጆቹ አፉን ጠበቁ፤ ግማሽ ቃል ግን አልወጣውም። ወንበር ተንቋቋ። የሚፈራው ዝምታ መጥቶ ደረቱ ላይ ተቀመጠ፤ ሊናገር ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ቻለው።

«ከብት ረግጦት ይሆናል» አለ አዱኛ ከጥግ።

«ጎበዝ» ምላሱ ላይ ደረሰ፤ መለሰው። እንደገና ዝም አለ።

ክፍል ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቀው ካሣነሽ ቀና አለች። «ከብትማ ያኛውንም ረግጦታል፤ ያ ግን አልተሰበረም። የተሰበረው ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ስለሌለው ነው።»

«ቦይ ቢኖረውም አይችለውም ነበር» አላት አዱኛ። «እርከኑ አንድ ወገን ዘቅዝቋል። ውሃው እዚያ ተጠራቅሞ ነው የበሳው።»

«በምን አወቅህ?»

ይህን የጠየቀችው ካሣነሽ ናት እንጂ መልካሙ አይደለም። ፈንታ ሳይቀር ገባበት። ወዲያ ወዲህ ተባባሉ፤ ወደ መምህራቸው ዞር ያለ ግን አልነበረም። መልካሙ መስኮቱን ተደግፎ ሰማቸው። የኖረበት ያ ባንድ አፍ የሚሰጥ መልስ ለእሱ ነበር፤ ይህ ክርክር ግን ለእሱ አይደለም።

ደወል ሲደወል ካሣነሽ በሩ ላይ ዞር አለች። «መምህር፣ ማናችን ነን ልክ?»

መልሱን ሊናገር ቃጣው። ቢናገር ከበውት ትንሽ ይቆዩ ነበር።

«ሂዱና እዩት» አለ። «እርከኑ መዝቀዝቀዙን፣ ቦይ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱና ነገ እናንተ ንገሩኝ።»

እየተሟገቱ ወደ ማሳው ወረዱ፤ ደህና ይዋሉ ማለቱንም ረሱት። መልካሙ ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻውን ቀረ። ከፋው፤ ይህንንም ለራሱ አልሸሸገም። የልጆቹ ጭቅጭቅ ከዳገቱ እስኪጠፋ ድረስ ጆሮውን ሰጥቶ ቆየና «ተመስገን» አለ፤ ከዚያ ነገ የሚጠይቃቸውን ማሰብ ጀመረ።