የቆመ መኪና ምስክር

ቃሊቲ ጋራዥ ከከፈትኩ ጀምሮ አንድ መጥፎ ልማድ ነበረኝ። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰክቼ የብልሽቱን ኮድ አነባለሁ፣ ወዲያው እሰርዘዋለሁ፣ ከዚያ መኪናውን እየነዳሁ የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ተመልሶ ይበራ እንደሆነ አያለሁ። ፈጣን ነኝ ብዬም እኮራበት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የዳቦ ቤት ቫን መጣ። ባለቤቱና ሹፌሩ አብረው ነው የመጡት፤ ግን አይነጋገሩም። የሞተሩ መብራት በርቷል፣ ሞተሩም አንዳንዴ ተንቀጥቅጦ ይጠፋል።

«ሲጋልብበት ነው ያበላሸው» አሉኝ ባለቤቱ። «ዳቦውን አድርሶ የራሱን ጭነት ይጭንና ይበርበታል። ዛሬ ከተረጋገጠ ቁልፉን አስረክቦኝ ይሄዳል።»

ሹፌሩ አርባን ያለፈ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። «ቱሉ ዲምቱ፣ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ዳቦ ሳወርድ ነው የበራው» አለ። «ሞተሩን አላጠፋሁትም እንጂ እየነዳሁ አልነበረም። ባትሪውን ንቀለውና መብራቱ ይጠፋል ያሉኝም ነበሩ፤ እምቢ አልኩ።»

እኔ ያመንኩት ባለቤቱን ነው። ስካነሩን ሰክቼ ያነበብኩት ኮድ የሚለው ሞተሩ ውስጥ ለገባው አየር ነዳጁ አንሷል ነው። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ያየሁት የነዳጅ ፓምፕ ሲደክም ነው፤ የደከመ ፓምፕ ጉዱ የሚወጣው ደግሞ መኪናው ሲሮጥና ዳገት ሲወጣ ነው። «የቆመ መኪና ይህን አያመጣም» አልኩ አፌን ሞልቼ። ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። ጣቴ መሰረዣው ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዳይነኩት!»

የጋራዣችን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት። በዕድሜ ሃያ ዓመት እበልጣታለሁ፤ ስካነሩን ከእጇ ስለማትለየው «ቴሌቪዥንሽን ዝጊና ነይ» እያልኩ እቀልድባታለሁ። እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጥታ ስካነሩን ተቀበለችኝ።

«ኮዱን ሲሰርዙት ይሄም አብሮ ይጠፋል» አለችና እኔ ከፍቼው የማላውቀውን ገጽ ከፈተች። ፍሪዝ ፍሬም ይባላል። የመኪናው ኮምፒውተር ኮዱን ሲመዘግብ፣ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታም አብሮ ያስቀምጣል። እየጮኸች አነበበችልን፤ እያነበበችም ቁራጭ ካርቶን ላይ ጻፈችው።

«የመኪናው ፍጥነት፣ ዜሮ። የሞተሩ ዙር፣ በደቂቃ ሰባት መቶ ሃያ። ሞተሩ ላይ ያለው ጫና ዝቅተኛ። የውሃው ሙቀት ሰማንያ ስምንት ዲግሪ፣ ማለት ሞተሩ ሞቋል። ኮምፒውተሩ ነዳጁን ከመደበኛው ከሠላሳ በመቶ በላይ ጨምሮም አልበቃ ብሎታል።»

ሹፌሩ ቀና ብሎ ወደ ስካነሩ ተጠጋ።

«ፓምፑ ቢሆን ብዙ ነዳጅ ሲፈለግ ነበር የሚያስቸግረው» አለችኝ። «ይሄ ግን ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ነው የሚሠራው፤ ትንሽ ነዳጅ ይበቃዋል። በሆነ ቀዳዳ ያልተለካ አየር እየገባበት ይመስለኛል። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ፣ ጠባብ ቀዳዳም ያምሰዋል።»

ኮፈኑን ከፍታ ሞተሩን አስነሳች። በአየር ማስገቢያው ዙሪያ ባሉት ቱቦዎች ላይ ማጽጃ እስፕሬይ ጥቂት ጥቂት ትነፋ ጀመር። አንድ ቦታ ስትደርስ የሚንቀጠቀጠው ሞተር ዙሩ ከፍ አለና ረጋ፤ እስፕሬዩ በቀዳዳው ተስቦ ገብቶ እንደ ነዳጅ ነዶለታል። ቱቦውን ነቅላ ገለበጠችልን፤ ከላይ ደህና ነው፣ ከሥሩ ግን እንደ ደረቅ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ያን ፓምፕ አስወርጄ ቢሆን ኖሮ ሹፌሩ እንጀራውን ያጣ ነበር፤ መኪናውም አይድንም ነበር። ቀናሁ ብል ውሸት ነው፤ በእሷ ኮራሁ።

«እና አይጋልብም ማለት ነው?» አሉ ባለቤቱ።

«እሱን አላውቅም» አለች። «ይሄ የሚነግረን ያቺን ቅጽበት ብቻ ነው። ቀሪውን ቀን እንዴት እንደሚነዳ አይናገርም። መብራቱ ሲበራ ግን መኪናው ቆሞ ነበር።»

ከሁሉም በላይ ያደነቅኳት ለዚህ መልሷ ነው። ሹፌሩን ልታድነው ፈልጋ እንኳ ካነበበችው በላይ አንዲት ቃል አልጨመረችም።

አዲስ ቱቦ ገጠመች፣ ሞተሩን እያሠራች ቁጥሮቹ ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን አየች፣ ከዚያ ስካነሩን አቀበለችኝ። «አሁን ይሰርዙት፣ ጋሼ።» ሰረዝኩት።

ባለቤቱ ቁልፉን ከእሷ ተቀብለው ለሹፌሩ ሰጡት። «በል ሂድ፣ ዳቦው ረፍዶበታል» አሉት። ሹፌሩ ካርቶኑን አንስቶ አጠፈና ደረት ኪሱ ከተተው። መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣

«ጋሼ፣ ምስክሬን ሊያጠፉት ነበር እኮ» አለኝ።

«ነበር» አልኩት። ከእሱ በፊት ስንት ሰው እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ከበሬ እንደወጣ አላውቅም፤ የሚነግረኝን ገጽ ሁሉ በገዛ እጄ ሰርዤዋለሁ።